ቅናትን በወግ ውስጥ መጻፍ፦ ሸፍኖ ወይስ ገልጦ?

ጓደኛዬ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሳት ቀናሁ። ስለዚያ ቀን ወግ ስጽፍ ሁለት ረቂቅ ወጣኝ።

የመጀመሪያው «ሰው ነኝና ትንሽ ከፋኝ፤ ወዲያው ግን ደስ አለኝ» ይላል። ጨዋ ነው። ግን «ሰው ነኝና» የምትለዋ ይቅርታውን ከጥፋቱ ታስቀድማለች። አንባቢም በዓይኑ የሚያየው ነገር የለም።

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «እልል አልኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ስሟን ጋዜጣው ላይ ደግሜ ፈለግኩ፤ ምናልባት ስህተት ቢሆን ብዬ። የዚያን ወር የቤት ኪራይ ገና አልከፈልኩም ነበር።» እዚህ «ቀናሁ» የሚል ቃል የለም፤ ድርጊቱ ራሱ ይናገራል። ያልተከፈለው ኪራይ ደግሞ ቅናቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

አደጋው ራስን መውቀስ ሲበዛ ነው። መጨረሻው ላይ «እኔ ክፉ ነኝ» ብዬ ነበር። አንባቢን «አይ፣ ደግ ነሽ» በለኝ ብሎ መለመን መሰለኝ፤ ሰረዝኩት።