ለልጄ የሒሳብ አስጠኚ ምስጋና፣ ለወላጆች ደግሞ ጥቆማ

የሒሳብ አስጠኚ ለምትፈልጉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። የ11ኛ ክፍል ልጄንና አራት ጓደኞቿን ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ያስጠናል። ስሙን እዚህ አላወጣም፤ የፈለገ በግል ይጠይቀኝ። ጎበዝ ነው ብቻ ብዬ እንዳላልፍ፣ ሳሎን ቡና እያፈላሁ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

ልጆቹ ከቴሌግራም የወረደ የመለማመጃ ወረቀት ሠርተው መልሳቸውን እያመሳከሩ ነበር። 17ኛው ጥያቄ ላይ ተጨቃጨቁ። ጥያቄው ይህ ነው፦

√(x + 7) = x − 5

አራቱ መልሱ 9 ብቻ ነው ይላሉ። የመልስ ወረቀቱ 2 እና 9 ይላል። አምስተኛዋ ልጅም እንደ ወረቀቱ ነው የሠራችው። ልጄ ላጲስ አንስታ የራሷን ልታጠፋ ስትል አስቆማት። «ማን ምን እንዳለ ለጊዜው ተዉት። ሁለቱንም ቁጥሮች ጥያቄው ውስጥ መልሳችሁ አስገቡ፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ አስሉ» አላቸው።

መጀመሪያ 9ን አስገቡ። በግራ 9 + 7 = 16፣ ስሩ 4። በቀኝ 9 − 5 = 4። እኩል ናቸው። ቀጥሎ 2። በግራ 2 + 7 = 9፣ ስሩ 3። በቀኝ ግን 2 − 5 = −3 ሆነ። 3 እና −3 እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ 2 ወደቀ።

ነገሩ አለቀ ስል ያቺ አምስተኛዋ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ እኮ 2ን አስገብቼ ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ሠርቷል» አለች። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ተሳስተሻል ብሎ ያልፋት ነበር። እሱ ግን «የት ላይ ነው ያስገባሽው?» ብሎ ደብተሯን ጠየቃት። ያስገባችው ስሩን ለማጥፋት ሁለቱንም ወገን ስኩዌር ካደረገች በኋላ ያገኘችው መስመር ላይ ነው፦

x + 7 = (x − 5)²

እዚህ ላይ 2 እውነትም ይሠራል። በግራም በቀኝም 9 ይሆናል። −3 ስኩዌር ሲደረግ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል፤ 3ም −3ም 9 ይሆናሉ። ጥያቄው ያልነበረው መልስ የገባው በዚያች መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዋ ሁሉ ልክ ነው፦ x² − 11x + 18 = 0፣ ከዚያ (x − 2)(x − 9) = 0። የመልስ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰውም እዚሁ ላይ ያቆመ ይመስላል። መልሶ ማስገባት የሚባለው መጀመሪያ በተሰጠው ጥያቄ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ባለ መስመር ላይ ከሆነ ስህተቱ ራሱን በራሱ ያጸድቃል።

ወረቀቱን ወዲያው አልሰረዘም። ጥያቄው ሲቀዳ ምልክት ተቀይሮ እንዳይሆን የወረደውን ፋይል ከፍቶ አየ። የመልሱ ተራ ተንሸራቶ የሌላ ጥያቄ መልስ 17 ላይ እንዳይሆን ደግሞ የ16 እና የ18ን መልሶችም አስገብቶ ሞከረ። እነሱ ደህና ናቸው። ያኔ 2 ላይ አንድ መስመር አሰመረና ጎኑ «ግራ 3፣ ቀኝ −3» ብሎ ጻፈ። ፎቶ አንስቶም ለአዘጋጁ ላከለት።

የወደድኩት ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ልጆቹ ልባቸው ሞቀ። 22ኛው ጥያቄ ላይ x² = 4x ተብሎ አምስቱም 4 ብለዋል፤ ወረቀቱ 0 እና 4 ይላል። «ይሄም ተሳስቷል!» ብለው ጮሁ። «እስቲ 0ን አስገቡ» አላቸው። በግራ 0፣ በቀኝ 0። ወረቀቱ ልክ ነበር። አምስቱም ሁለቱንም ወገን በ x አካፍለው 0ን ጥለውታል። የራሳቸውን 4 ብቻ አስገብተው ቢሆን ኖሮ 16 = 16 ሆኖ ልክ ነን ብለው ይቀሩ ነበር። መልሶ ማስገባት የገባውን ቁጥር ይፈትናል እንጂ የቀረ መልስ መኖሩን አይናገርም። ስለዚህ ክርክር የተነሳበትን ቁጥር ሁሉ፣ የእነሱንም የወረቀቱንም፣ ያስገባሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ኋላ እንዳትወቅሱኝ፦ ሰውየው ዝግ ያለ ነው። በዚያ ቀን ወረቀቱ አላለቀም። ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያስጨርስ አስጠኚ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ አይሆናችሁም። ልጆች በቡድን ሆነው ቢመጡለት ይመርጣል፤ ሲከራከሩ ነው የሚያስተምረው። አሁን እሁድ ከሰዓት ባዶ ሰዓት አለው። ቲቸር፣ ይህን ካነበብከው እግዚአብሔር ይስጥልን።