ይህ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አዲሱን ካርድ ችሎታል

ይህን ፓወር ሰፕላይ ከገዛሁት ከዓመት በላይ ሆኖታል። እውነት ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ መኖሩንም ረስቼው ነበር። አይጮህም፣ አይግልም፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ በቃ። ዛሬ ስለሱ የምጽፈው ግራፊክስ ካርድ ልቀይር ስነሳ ባየሁት ነገር ነው። ከጂቲኤክስ 1650 ወደ አርቲኤክስ 3070 መሄድ ፈልጌ ነበር። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «550 ዋት አይችለውም፣ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ቀይር» አለኝ። ኤንቪዲያ ራሱ ለ3070 የሚመክረው 650 ዋት ነው። እኔ ግን አልቀየርኩትም። ካርዱ ከገባ ወራት አልፈዋል፤ አንድም ቀን ጨዋታ መሃል ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ይህ በዕድል የሆነ አይደለም። ካርዱን ከመግዛቴ በፊት የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አነበብኩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት የሁሉም መስመሮች አጠቃላይ አቅም ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚወስዱት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። የ3.3 እና የ5 ቮልቱ አቅም ለካርዱ የሚጠቅመው ነገር የለም። የእኔው ሰንጠረዥ 12 ቮልት ላይ 45.5 አምፒር ይላል። 12 በ45.5 ሲባዛ 546 ዋት ነው። ማለትም ሳጥኑ ላይ ያለው 550 ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ካርዱ በሚፈልገው መስመር ላይ ይገኛል።

አሁን የጓደኛዬን ልንገራችሁ። ካርቶኑ ላይ 650 ዋት ይላል። ሰንጠረዡን ስናየው 12 ቮልቱ ለሁለት ተከፍሏል፣ እያንዳንዱ 18 አምፒር። ሁለቱን ደምሮ 36 አምፒር፣ 432 ዋት ማለት ይቀላል፤ ግን ከሥር በትንሹ የሁለቱ የጋራ ጣሪያ 420 ዋት ነው የሚል ተጽፏል። የሚታመነውም ይሄ የጋራ ቁጥር ነው፣ ድምሩ አይደለም። ቀሪው የተሞላው ዛሬ ብዙም ሥራ በሌላቸው በ5 እና በ3.3 ቮልት ነው። እንግዲህ ሻጩ «650 ከ550 ይበልጣል» ቢለኝ ምን ልበለው? ወንድሜ፣ ካርቶኑን ተወውና ገልብጠህ 12 ቮልቱን አሳየኝ! የእኔ «ትንሹ» በ126 ዋት ይበልጠዋል።

ከዚያ ሂሳቡን ሠራሁ። 3070 በመደበኛ ሥራ 220 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 5600 ነው፤ መግለጫው ላይ 65 ዋት ቢባልም ማዘርቦርዱ በነባሪ እስከ 76 ዋት ይፈቅድለታል፣ ስለዚህ የያዝኩት 76ን ነው። ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለፋኖች ሰፋ አድርጌ 50 ዋት መደብኩ። ድምሩ 346 ዋት ሆነ። ይህ ከ546ቱ 63 በመቶ ገደማ ነው። የአምራቹ 650 ከየት መጣ ካላችሁ፣ ምክሩ ብዙ የሚበላ ፕሮሰሰር ላለውም፣ እንደ ጓደኛዬ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ለያዘውም መሆን ስላለበት ነው። እንደ ጥንቃቄ አልነቅፈውም፤ ሰንጠረዡን ላነበበ ሰው ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ሂሳቡ ጎዶሎ ይሆን ነበር። ካርዶች 220 ዋት ላይ ረግተው አይቀመጡም። ለሺህኛ ሰከንድ ክፍልፋይ ድንገት ዘለው ይወጣሉ፤ አንዳንድ ካርዶች ላይ ዝላዩ የተጻፈውን ዋት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በጣም ክፉውን አሰብኩ፤ 440 ለካርዱ፣ 126 ለቀሪው፣ 566 ዋት። ከ546 ትንሽ ያልፋል። ግን ይህ የሚሆነው ካርዱና ፕሮሰሰሩ በአንድ ቅጽበት ጣሪያ ላይ ከተገናኙ ነው፣ ያውም ለአፍታ። ደህና የተሠራ ፓወር ሰፕላይ መከላከያው የሚቆርጠው ደግሞ ከተጻፈው አቅም ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ይህን ያህሉን ይሸከማል ብዬ ገባሁበት። ተሸከመም። ለአርቲኤክስ 3080 ግን አላደርገውም። እሱ 320 ዋት ነው፤ በእጥፍ ሲዘል ካርዱ ብቻውን 640 ይደርሳል። እዚያ ላይ ሻጩ ትክክል ነው፣ አልከራከረውም።

የጓደኛዬ ምን ሆነ? እሱም እንደ እኔው 3070 ገጠመበት። ዴስክቶፕ ላይ ምንም ችግር የለም፣ ፊልምም ያሳያል። ከባድ ጨዋታ ሲከፈት ግን ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ የስህተት መልእክት የለም፣ መብራት እንደሄደ ነው የሚሆነው። እንደገና ሲነሳ የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ Kernel-Power 41 ተጽፎ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ጥፋተኛውን አይናገርም። ስለዚህ የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርገን ያንኑ ጨዋታ ከፈትን፤ መጥፋቱ ቆመ። ወደ 100 ስንመልሰው ተመለሰ። ሙቀቱ በሁለቱም ጊዜ ደህና ስለነበር ጣታችንን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ቀሰርን።

እኔ ዘንድ ካርዱ እንደገባ HWiNFO የሚባለውን የሴንሰር መከታተያ ፕሮግራም ከፍቼ ካርዱንና ፕሮሰሰሩን አንድ ላይ እያስጨነቅኩ 12 ቮልቱን ተከታተልኩ። ደንቡ 5 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይፈቅዳል፣ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማለት ነው። የእኔው ሥራ ሲበዛበት ትንሽ ወረደና እዚያው ረጋ፤ ወደ 11.4 የተጠጋበት ጊዜ የለም። የማዘርቦርድ ሴንሰር እንደ ሚዛን የሚታመን አይደለም፣ ቁጥሩ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ዋናው ነገር በዕረፍትና በሥራ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ገመዱ ነው፣ አጭር ነው። ካርዴ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ሁለት አለው፤ ሁለቱንም ከአንድ ገመድ ጫፍ ማውጣት ይቻል ነበር፣ እኔ ግን ጭነቱ እንዲከፋፈል ሁለት ለየብቻ የሆኑ ገመዶች ዘረጋሁ። ፓወር ሰፕላያችሁ የሚበቃ መሰኪያ ከሌለው ከሳታ ወይም ከሞሌክስ ወደ 8 ፒን የሚቀይረውን አዳፕተር አትንኩት። ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት ይሰጣል ተብሎ ነው የተሠራው፤ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው። ካርዱ ይህን አያውቅም፣ የፈለገውን ይስባል፣ የሚቀልጠው ፕላስቲኩ ነው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ እንደ እኔው ያለ ፓወር ሰፕላይ ገዛ። የተወሰኑት የድሮው ገመዶች ተነቃይ ስለነበሩ እነሱን ባሉበት ትቶ አዲሱ ላይ ሊሰካ ሲል አስቆምኩት። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ የፒኖቹ አሰላለፍ ከሞዴል ሞዴል ይለያል። ልክ ገብቶ ቁልፉ ቢይዝም 12 ቮልቱ ሌላ ቦታ ደርሶ ካርዱን ሊያቃጥለው ይችላል። የድሮዎቹን ሁሉ ነቅለን ከአዲሱ ጋር የመጡትን ዘረጋን፣ አሁን የኃይል ገደቡ 100 ላይ ሆኖ ይጫወታል።