«ስፒናው ብቻ ነው የሚለየው» ብለው ለሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

ከውጭ የመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ልትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጡትና ከስሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። እኔ ሳላነብ ብሌንደር ገዛሁ። ሻጩ «ስፒናው ብቻ ነው የሚለየው» ብሎ አንዲት ትንሽ አዳፕተር በነጻ ጨመረልኝ። ቤት ገብቼ ስሰካው ከልክ በላይ ጮኸ፤ ወዲያው የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ እስክነቅለው ድረስ ጭስ ይወጣ ጀመር። ገልብጬ ሳየው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 1000 ዋት ይላል። የቤቴ መብራት 230 ቮልት ነው። ይዤው ስመለስ «ሲሠራ ነው የሸጥኩልህ፣ ያቃጠልከው አንተ ነህ» አለኝ።

አዳፕተር ስፒናውን ከሶኬቱ ጋር ከማገጣጠም በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ቮልት አይቀንስም። ለ120 ቮልት የተሠራ ካውያ 240 ቮልት ላይ ቢሰካ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል። ቮልቱም እጥፍ ስለሆነ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይደርሳል፤ የ1500 ዋት ካውያ ወደ 6000 ዋት ሄደ ማለት ነው። የውስጥ ሽቦው ይህን አይችልም። አዳፕተር ብቻውን የሚበቃው ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ሲሆን ነው። አብዛኞቹ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች እንዲህ ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን አንብባችሁ ስኩ።

120 ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እዚህ ላይም ሁለተኛ ወጥመድ አለ። ለእኔ ብሌንደር የ500 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃል ያለኝ ነበር። ዕቃው 1000 ዋት ነው፤ ሞተር ደግሞ ሲነሳ ከተጻፈበት በላይ ይስባል፤ ስለዚህ ከ1500 እስከ 2000 ዋት የሚችል መሆን ነበረበት። እውነተኛ ትራንስፎርመር በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ስለሆነ ከባድ ነው። በመዳፍ የምትያዝ ቀላል ሳጥን 1600 ዋት ትችላለች ከተባላችሁ፣ ያቺ ለተራ ማሞቂያ ብቻ ለአጭር ጊዜ የምትሆን ናት። ሞተር ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያለውን ዕቃ ልታበላሽ ትችላለች።

ትራንስፎርመር የማይነካው ነገርም አለ፤ እሱም ኸርዙ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገረው ቁጥር። መብራታችሁ 50 ኸርዝ ሆኖ ዕቃው 60 ብቻ ካለ፣ ብሌንደር ብዙም አይጎዳውም፤ ከመብራቱ ኸርዝ የሚቆጥር ሰዓት ግን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። የማቀዝቀዣ ሞተር ደግሞ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። ቀንና ሌሊት የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ 60 ብቻ የሚል ማቀዝቀዣ በትራንስፎርመርም ቢሆን አልገዛም።

ስትገዙ ቮልቱንና ኸርዙን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። እኔ ከሻጩ ጋር ስከራከር የጎደለኝ ይህ ነበር።