ለቤዝ ማጣሪያ የትኛው ጥንድ ይሻላል? 15 ኪሎ ኦም ከ100 ናኖ ወይስ 1.5 ኪሎ ኦም ከ1 ማይክሮ

የእህቴ ልጅ እዚህ ሀዋሳ ለቤዝ ስፒከሩ ማጣሪያ ሊሠራ ፈልጎ ሁለት ጥንድ ዕቃ ይዞ መጣ። አንዱ 15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ጋር ነው። ሌላው 1.5 ኪሎ ኦም ከ1 ማይክሮ ፋራድ ጋር። «አጎቴ፣ ሒሳቡ እኮ አንድ ነው። የቱን ልበይድ?» አለኝ።

ሒሳቡ እውነትም አንድ ነው።

```
f = 1 / (2πRC)
```

ሁለቱም 106 ሄርዝ ገደማ ይሰጣሉ። ሬዚስተሩ ከስልኩ ወደ አምፑ በሚሄደው መስመር ላይ ይገባል። ካፓሲተሩ ደግሞ ከሬዚስተሩ ቀጥሎ፣ ከመስመሩ ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ድምፁ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ካፓሲተሩ በቀላሉ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ቀጭኑ ድምፅ ወደ ግራውንድ ሲፈስ ቤዙ ወደ አምፑ ይቀጥላል።

106 ሄርዝ መቁረጫው ነው ሲባል ግን በቢላ የተቆረጠ አይምሰላችሁ። እዚያ ነጥብ ላይ ካፓሲተሩ ሲግናሉን የሚገታው ልክ ሬዚስተሩ በሚገታው መጠን ነው። ቮልቴጁ ወደ 71 በመቶ፣ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በእጥፉ፣ በ212 ሄርዝ፣ ገና 45 በመቶ ቮልቴጅ ያልፋል። የዘፋኙ ድምፅ ትንሽ ቢሰማ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር አቅማቸው ይኸው ነው።

ልዩነቱ የሚወጣው አምፑ ሲገናኝ ነው። የልጁ አምፕ መግቢያ 20 ኪሎ ኦም ነው። ባለ 15 ኪሎ ኦሙን ብንይዝ፣ ሬዚስተሩና አምፑ ሲግናሉን ይካፈሉታል። ቤዙ ራሱ 57 በመቶው ብቻ ይደርሳል። ካፓሲተሩ አሁን የሚያየው ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ማለትም 8.6 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሆነ መቁረጫው ወደ 186 ሄርዝ ይሸሻል። ቤዝ ፈልጎ የወንድ ድምፅ ያገኛል! ባለ 1.5 ኪሎ ኦሙ ግን 93 በመቶ ያሳልፋል፤ መቁረጫውም 114 ሄርዝ ላይ ይቆያል። አምፓችሁ መግቢያው 100 ኪሎ ኦምና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ 15ቱም ብዙ አይጎዳም።

እኔ 1.5 ኪሎ ኦሙን መረጥኩለት፤ ካፓሲተሩን ግን አስመለስኩት። ያመጣው ኤሌክትሮላይቲክ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ ይላል። ያ ብቻ መቁረጫውን ከ88 እስከ 133 ሄርዝ ያንከራትተዋል። ፖላሪቲም አለው፤ የድምፅ ሲግናል ደግሞ ፕላስና ማይነስ እየተፈራረቀ ነው የሚመጣው። ሱቅ ስትገቡ «ፊልም ካፓሲተር፣ 1 ማይክሮ» በሉ። ገላው ላይ 105 ይጻፍበታል፣ መጨረሻው ላይ ጄ ፊደል ካለ ስህተቱ 5 በመቶ ነው። 104 ከተጻፈ 100 ናኖ ነውና እንዳትሳሳቱ።

በይደን ከጨረስን በኋላ ስልኩ ላይ 20 ሄርዝ ድምፅ ከፍተን የአምፑን መግቢያ በመልቲሜትር ኤሲ ለካን። ከዚያ የስልኩን ቮሊዩም ሳንነካ ሄርዙን ቀስ እያልን ጨመርን። ንባቡ ከመነሻው ወደ 71 በመቶ የወረደው 115 ሄርዝ አካባቢ ነው።