ስምንት ወር የለበስኩት የዝናብ ጃኬት፦ ሱቅ ውስጥ ያየሁትና ሳላይ ያለፍኩት

ይህን ጃኬት ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ከመርካቶ በ4,500 ብር ገዛሁት። አሁን የካቲት ነው። ሥራዬ ቅየሳ ስለሆነ ክረምቱን ያሳለፍኩት በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር መካከል፣ ሜዳ ላይና ገደል አፋፍ ላይ ነው። እዚያ ዝናብ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከጎን ይመታል፣ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ደግሞ ነፋሱ ከሥር እየገፋ ወደ ላይ ያመጣዋል። የቀድሞው ጃኬቴ ገና በመጀመሪያው ክረምት ትከሻው ላይ ማስገባት ጀምሮ ነበር። ጨርቁ ደህና ነበር፤ ያስገባ የነበረው ስፌቱ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ግዢ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስፌቱን፣ ዚፑን፣ ኮፍያውንና ኪሱን መረመርኩ። ከስምንት ወር በኋላ የትኛው ምርመራ እንደጠቀመኝ፣ የትኛው እንዳሳሳተኝ አውቄአለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ጃኬቱን መገልበጥ ነው። ሻጩ "እህቴ፣ ውጩን እይው እንጂ፤ ውስጡን ማን ያይልሻል?" አለኝ። እኔ ግን የምፈልገው ውስጡ ላይ ነበር። መርፌ ባለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስፌት ላይ ሦስት አራት ቀዳዳ አለ፣ ክሩም ራሱ ውሃ ይስባል። ይህን የሚዘጋው በውስጥ በኩል በሙቅ አየር የሚለጠፍ ቀጭን ጥብጣብ ነው። አንዳንዱ ጃኬት ጥብጣብ ያለው ትከሻውና ኮፍያው ላይ ብቻ ነው፤ የጎን፣ የብብትና የኪስ ስፌቱ ባዶውን ነው። ለከተማ ካፊያ ይበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሚውል ሰው ግን አይሆንም።

ጥብጣቡ መኖሩን ብቻ አይቶ ማለፍም አይበቃም። ዋናው ቦታ ስፌቶች የሚገናኙበት ነው። ብብት ሥር የእጅጌውና የጎኑ ስፌት ሲገጣጠሙ ጨርቁ ይደራረብና ጉብ ይላል፤ ጥብጣቡ ያንን ጉብታ ተሻግሮ መለጠፍ ስለሚኖርበት ብዙ ጊዜ መነሣት የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጥብጣቡን ጠርዝ በጥፍሬ ቀስ ብዬ ገፋሁት፤ አልተነሣም፣ አረፋም አልነበረውም። ከዚህ በፊት ያነሣሁት ሌላ ጃኬት ገበር ስለነበረው ስፌቱ አይታይም ነበር። እንዲህ ሲሆን ገበሩንና ውጩን ጨርቅ በሁለት ጣት መካከል ይዞ ስፌቱ ላይ መሄድ ነው፤ ጥብጣብ ካለ ለስላሳና ደረቅ ያለ መስመር ይዳሰሳል። ልባሽ ጃኬት የሚገዛ ሰው ደግሞ ውስጡን ያሽት። የኮመጠጠ ሽታ ካለው፣ ሲዳሰስ ከተጣበቀ ወይም እንደ ቅርፊት የሚረግፍ ነገር ካለው፣ ውሃ የሚከለክለው ቅብ አርጅቷል ማለት ነው፤ ያንን ማጠብም መስፋትም አያድነውም።

ይህ ምርመራ ልክ ነበር። ብብቱና ጎኑ እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አላስገቡም። በአምስተኛው ወር ግራ ትከሻዬ ላይ፣ የቦርሳዬ ማንገቻ በሚፈትገው ቦታ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥብጣብ ተነሣ። ያወቅሁት ትከሻዬ ከረጠበ በኋላ ነው። ጃኬቱን ገልብጬ ስፌቱን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ዘረጋሁና ከሥር ውሃ ሞላሁበት፤ ትንሽ ቆይቶ ከላይ እንደ ላብ አቸፈቸፈ። ካደረቅሁት በኋላ ስስ ጨርቅ አልብሼ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ጫን ጫን አደረግሁበት። እስካሁን ይዟል።

ያሳሳተኝ ዚፑ ነው። ሻጩ ሌላ ጃኬት አንሥቶ ዚፑ ራስ ላይ የተቀረጸውን የጃፓኑን የዋይ ኬይ ኬይን ስም አሳየኝ። ኩባንያው በ1934 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተ የታወቀ ዚፕ ሠሪ ነው፤ ነገር ግን የዚፕ ራስ የሚቀየር፣ ስምም የሚቀረጽ ስለሆነ ጽሑፉን ብቻ አላመንኩም። እኔ የመረጥኩት ጃኬት ዚፕ ስም የለበትም። ላዩ እንደ ላስቲክ ባለ ቅብ ተሸፍኗል፤ ውጭ ላይ ሌላ መሸፈኛ የለውም። በአንድ እጅ አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፣ አልያዘም። ከዘጋሁት በኋላ መሃሉን ወደ ግራና ቀኝ ሳብኩት፣ አልተከፈተም። በዚህ ረካሁ፤ ስሕተቴም ይህ ነበር። የመረመርኩት የዚፑን ጥንካሬ እንጂ ውሃ መከላከሉን አልነበረም።

ቀጥ ብሎ በሚወርድ ዝናብ ምንም አልሆነም። ሐምሌ ላይ ጣርማ በር ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ አርባ ደቂቃ ያህል ከቆምኩ በኋላ ግን ከደረቴ እስከ ሆዴ ሸሚዜ ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ወጣ። ቤት ገብቼ ሳየው ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በቅብ የተሸፈነ ዚፕ ሁለት ከንፈር አለው፤ ሲዘጋ ከንፈሮቹ ይገጥማሉ፣ ጎንበስ ሲሉ ግን ሆድ ላይ ይላቀቃሉ። ያን ጊዜ የሚገባውን ውሃ የሚመልሰው ከዚፑ ጀርባ ያለው የጨርቅ ከለላ ነው። የኔው አንድ ጣት የማይሞላ ስፋት ነበረው፣ አገጭ ሥርም ሳይደርስ ያልቃል። ሱቅ ውስጥ ዚፑን ዘግቼ ጎንበስ ብል ኖሮ ከንፈሮቹ ሲላቀቁ አይ ነበር፤ ጣቴንም ከጀርባው ባስገባ ከለላው ጠባብ መሆኑን አውቅ ነበር። ከለላው ሁለት ጣት የሚሰፋ፣ ከታች እስከ አገጭ የሚደርስ፣ ጠርዙም እንደ አሸንዳ የታጠፈ ቢሆን ነው የሚሻለው። ለነፋሻ አገር ከሆነ ደግሞ ተራ ዚፕ ሆኖ ከውጭ ሰፊ ክዳን የተደረበበትን እመርጣለሁ፤ መልኩ ባያምርም።

ስለ ኮፍያው ብዙ የምለው የለኝም፣ ምክንያቱም አላስቸገረኝም። ሱቅ ውስጥ አጥልቄው፣ ገመዱን አጥብቄ አንገቴን ወደ ግራና ቀኝ አዞርኩ፤ አብሮኝ ዞረ። ባይዞር ኖሮ ዓይኔ ጨርቅ እያየ ይቀር ነበር፣ ያ ደግሞ መሣሪያ ውስጥ እያየ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ከሁለት ቁራጭ ብቻ የተሰፋ ኮፍያ ስፌቱ ልክ አናት ላይ ያርፋል፤ የኔው ከሦስት ቁራጭ ስለሆነ ስፌቶቹ ወደ ጎን ወርደዋል። የፊቱ ጥላም ደረቅ ስለሆነ በነፋስ አይታጠፍም።

ኪሱን የመረመርኩት ቦርሳ ሳልይዝ ነው። እጄን ስከት ተመችቶኝ ነበር። ሜዳ ላይ ቦርሳዬን አዝዬ የወገቡን ቀበቶ ስቆልፍ ግን ሁለቱም የታች ኪሶች ከቀበቶው ሥር ገቡ። የቅየሳ ማስታወሻዬን ለማውጣት በየጊዜው ቀበቶ መፍታት ሆነ፤ ይባስ ብሎ የራሰው ቀበቶ የኪሱን ዚፕ እየገፋ ውሃ ያስገባል፣ ኪሱ ማንጠፊያ ቀዳዳ ስለሌለው ውሃው እዚያው ይጠራቀማል። ያዳነኝ ደረት ላይ ያለው አንዱ ኪስ ነው። ቦርሳ የሚያዝል ሰው ቦርሳውን ይዞ ሱቅ ይሂድ፤ ካልያዘ ደግሞ እጁን ዳሌው አጥንት ላይ ያሳርፍና የኪሱ አፍ ከእጁ በላይ መሆኑን ይመልከት።

በጥር ጃኬቱን ወደ ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። ሰፊው በዚፑ ላይ ከውጭ ክዳን ልስፋበት አለ፤ እኔ ግን እያንዳንዱ አዲስ መርፌ አዲስ ቀዳዳ ስለሚሆን አልተስማማሁም። በመጨረሻ የውጩን ጨርቅ ሳይነካ በውስጠኛው ከለላ ጠርዝ ላይ ብቻ ሁለት ጣት የሚሰፋ ጨርቅ ቀጠለልኝ፣ እስከ አገጭም አደረሰው። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ጣርማ በር ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ አርባ ደቂቃ እቆምና ሸሚዜን አያለሁ።