የሀበሻ ቀሚስ በላይቭ ለመሸጥ፦ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ ወይስ ቴሌግራም?

የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ነጋዴ በቀጥታ ስርጭት፣ በተለመደው አጠራር በላይቭ፣ ለመሸጥ ስታስብ አስቀድማ የምትጠይቀው ብዙ ሰው የሚያይበት የትኛው እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ስርጭቱ ሲያበቃ «ቁጥር 14 የእኔ ነው» ብላ የጻፈችው ደንበኛ ማን እንደሆነች፣ ከማን ቀድማ እንደጻፈችና በምን እንደምትገኝ በየትኛው ላይ ይታወቃል? በእጅ የተሸመነ ቀሚስ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥለትና በአንድ ልክ ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ለአንዱ ቀሚስ ከተሻሙና ነጋዴዋ ቅደም ተከተሉን ማሳየት ካልቻለች፣ ሁለቱንም ደንበኞች ልታጣ ትችላለች።

ሦስቱን ከማነጻጸር በፊት የጋራ የሆነውን ማወቅ ይገባል። እዚያው በቲክቶክ ውስጥ ገዝቶ መክፈል የሚያስችለው የቲክቶክ ሱቅ በኢትዮጵያ አይሠራም። ፌስቡክም በላይቭ ላይ የዕቃ ዝርዝር እያሳዩ የሚሸጡበትን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ዘግቶታል፤ የቀረው ተራው ቀጥታ ስርጭት ብቻ ነው። በአገር ቤት ያለችው ነጋዴ እንግዲህ በየትኛውም ብትሸጥ ክፍያው የሚፈጸመው ከስርጭቱ ውጭ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። በላይቭ የሚገኘው ሽያጭ ሳይሆን ቃል ነው፤ ቃሉን ገንዘብ የሚያደርገው ከስርጭቱ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

ማን ይገባል?

ቲክቶክ የማያውቁሽን ሰዎች ያመጣል። በላይቭ ላይ ሳለሽ፣ ከጥቂት ሰዓት በፊት የለጠፍሽው አጭር ቪዲዮ የደረሳቸው ሰዎች ተከታዮችሽ ባይሆኑም ከቪዲዮው በቀጥታ ወደ ስርጭቱ መግባት ይችላሉ፤ ይህን ያህል አዲስ ሰው የሚያስገባ በር ሌሎቹ ሁለቱ የላቸውም። ዋጋው ግን ገቢና ወጪው መብዛቱ ነው፤ የሚገባው ሰው ጥቂት ቆይቶ ይወጣል፣ አዲስ የገባውም «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ እንደገና ይጠይቃል። ለመጀመር 18 ዓመት የሞላው መሆን ያስፈልጋል፤ እንደ አገሩ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ 1,000 ተከታይ ይጠየቃል።

ፌስቡክ የሚያገናኘው በአብዛኛው ቀድሞ ከሚያውቅሽ ሰው ጋር ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በገልፍ አገሮች ያሉ እናቶችና አክስቶች፣ ለልጅ ሠርግ ወይም ለክርስትና ቀሚስ የሚፈልጉት፣ እዚያ ይገኛሉ፤ አንዷ ስታጋራውም ለዘመዶቿ ይደርሳል። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ላይቭ ለመግባት አካውንቱ 60 ቀን የሞላውና ቢያንስ 100 ተከታይ ያለው እንዲሆን ይጠየቃል፤ ይህን ብዙዎች በቀላሉ ያሟላሉ።

ቴሌግራም አዲስ ሰው አያመጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያየው የቻናልሽ አባል ነው። ነገር ግን ይህ አባል ቀሚስ ለማየት ብሎ የገባ ነው፤ ስለዚህ በቲክቶክ ከሚያልፉት ብዙ ሰዎች ይልቅ በቴሌግራም የተቀመጡ ጥቂቶች የበለጠ ሊገዙ ይችላሉ።

ዝግጅቱ

የዕቃው ዝግጅት በሦስቱም አንድ ነው። ከሽሮ ሜዳ 30 ቀሚስ አዘጋጅታ ከበዓል ሦስት ሳምንት በፊት ላይቭ የምትገባ ነጋዴ አለች እንበል። ለእያንዳንዱ ቀሚስ ሦስት ደቂቃ ተኩል ብትሰጥ 105 ደቂቃ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለጥያቄ የሚሆን ጊዜ ሲጨመር ሁለት ሰዓት ይሞላል። ከዚያ በላይ ከሆነ በሁለት ቀን መክፈል ይሻላል። በእያንዳንዱ ቀሚስ ላይ በትልቁ የተጻፈ ቁጥር ይሰካል። በወረቀት ላይ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን የደረት፣ የወገብና የቁመት ልክ በሴንቲ ሜትር፣ የጥለቱ ቀለም፣ ዋጋው፣ ነጠላው አብሮ መኖሩና የመጨረሻው ዋጋ የት ድረስ እንደሚወርድ ይመዘገባል። «ሚዲየም ነው» ማለት አይበቃም፤ ዋሽንግተን ያለች ገዢ ለክታ ልትመልስ ስለማትችል የሚያስፈልጋት ቁጥር ነው።

ነጭ ጨርቅ በካሜራ ፊት አስቸጋሪ ነው። በነጭ ግድግዳ ፊት ሲሰቀል ካሜራው ብርሃኑን ስለሚቀንስ ቀሚሱ አመድማ ይመስላል፣ ጠርዙም ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል። በጥቁር መጋረጃ ፊት ሲሰቀል ደግሞ ካሜራው ብርሃኑን ስለሚጨምር የሽመናው መስመር ጠፍቶ ነጭ ጥፍጥፍ ሆኖ ይታያል። መካከለኛ ቀለም፣ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ለዚህ ይመረጣል። ቢጫ አምፖል የጥለቱን ቀለም ስለሚለውጥ በነጭ መብራት መቅረጽና እያንዳንዱን ቀሚስ አስቀድሞ በቀን ብርሃን ፎቶ ማንሳት ይገባል፤ ፎቶው በኋላ ለክትትሉም ያገለግላል።

ኢንተርኔቱ በምን ያህል ጥራት እንደሚሠራ አስቀድሞ መፈተን አለበት። በሴኮንድ 2.5 ሜጋ ቢት የሚልክ ስርጭት በሰዓት ከ1.1 ጊጋ ባይት በላይ ስለሚበላ፣ ለሁለት ሰዓት 3 ጊጋ ባይት መያዝ አያስጨንቅም። መብራት ከጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በስልኩ ላይ የሞባይል ዳታ መኖር አለበት፣ ተመልካቹም ከተቋረጠ እዚያው ገጽ ላይ እንደሚመለሱ ከመነሻው ሊነገረው ይገባል። በአንድ ስልክ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ለማሰራጨት መሞከርን አልመክርም፤ ሦስት ኮሜንት የሚያነብና የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ሁሉም ይበላሻል።

ጥሪው

በቲክቶክ የሚሻለው ከስርጭቱ በፊት ባሉት ቀናት አጫጭር ቪዲዮ መልቀቅ ነው፤ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጥለት፣ ሰዓቱም በጽሑፍ። በቴሌግራም ስርጭቱን ቀድሞ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል፤ ቆጠራው በቻናሉ ላይ ይታያል፣ አባሉም ሲጀመር እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል። በፌስቡክ የሚጠቅመው ቀጠሮውን መለጠፍና ለቀድሞ ደንበኞች በሜሴንጀር አንድ በአንድ መጻፍ ነው።

ሰዓቱን መምረጥ ከሁሉም በላይ ለፌስቡክ ያሳስባል። እሑድ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት ባደረገችባቸው ወራት በዋሽንግተን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ስልኩን የሚይዝበት ጊዜ ነው። ዱባይ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ለቤት ሠራተኞች ሊመሽባቸው ስለሚችል ለእነርሱ የዕረፍት ቀናቸውን መምረጥ ይሻላል። ከኖቬምበር መጀመሪያ በኋላ አሜሪካ ሰዓቷን ስለምትመልስ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይጨምራል።

ትእዛዙ የሚመዘገብበት

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። በቲክቶክ ኮሜንቱ ስለሚፈጥን ያልተመዘገበ ትእዛዝ እንደጠፋ መቆጠር አለበት። ከካሜራው ፊት ካለችው ሌላ አንድ ሰው ተቀምጦ የቀሚሱን ቁጥር፣ የተጠቃሚውን ስምና የመጡበትን ቅደም ተከተል መጻፍ ግዴታው ነው። በፌስቡክ ቪዲዮው ከኮሜንቱ ጋር ስለሚቆይ ማን ቀድሞ እንደጻፈ ተመልሶ ማየት ይቻላል፤ ሆኖም ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ የላይቭ ቪዲዮ የሚቆየው ለ30 ቀን ብቻ ስለሆነ አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ትእዛዙ ከቻናሉ ጋር በተያያዘው ግሩፕ ሲጻፍ ከነሰዓቱ ይቀመጣል፤ ለክርክር የማያጋልጠው ይህ ነው።

ደንቡ በስርጭቱ መጀመሪያ ላይ መነገር ይኖርበታል፤ ቁጥሩን መጀመሪያ የጻፈ ይይዛል፣ ሁለተኛ የጻፈ ተጠባባቂ ይሆናል፣ ቀብድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልገባ ቀሚሱ ለተጠባባቂው ያልፋል። ስልክ ቁጥር በኮሜንት እንዳይጻፍ መጠየቅም ያስፈልጋል። የነጋዴዋን ስምና ፎቶ አስመስሎ የሚከፍት አጭበርባሪ ቁጥሩን ከኮሜንት ለቅሞ «ብሩን እዚህ አስገቢ» ብሎ ሊደውል ይችላል። መክፈያው አንድ ብቻ እንደሆነና የት እንደሚገኝ በስርጭቱ ላይ ደጋግሞ መናገር ገዢውን ይጠብቃል።

ክትትሉ

ከ30ው ቀሚስ 18ቱ ተይዘው አደሩ እንበል። የመጀመሪያው መልእክት በዚያው ምሽት፣ ተመልካቹ ስሜቱ ሳይበርድ፣ መላክ አለበት፤ የቀሚሱ ቁጥር፣ የቀን ብርሃኑ ፎቶ፣ ልኩ፣ ዋጋው፣ የመክፈያው ቁጥርና ቀብዱ የሚጠበቅበት ሰዓት በአንድ መልእክት ይጻፋሉ። የከፈለ ሰው ስክሪንሾት ይልካል፤ ስክሪንሾት ግን ማስረጃ አይደለም፣ በቀላሉ ይቀየራልና። ቀሚሱ ለሞተረኛ የሚሰጠው ገንዘቡ በነጋዴዋ በራሷ የቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ላይ ከታየ በኋላ ብቻ ነው። 11ዱ ቢከፍሉ የቀሩት 7 ቀሚሶች በማግስቱ ለተጠባባቂዎች ይቀርባሉ፤ ዋጋ ጠይቀው ዝም ያሉት ደግሞ ለብቻቸው ይጻፍላቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ያቆማቸው ልኩ ነውና።

ይህን ሥራ ቴሌግራም ያቀልለዋል፤ ሰውየው እዚያው ስለሆነ መልእክቱ፣ ፎቶውና የቀሩት ቀሚሶች ዝርዝር በአንድ ቦታ ይገኛሉ። ፌስቡክ በሜሴንጀር ይከተላል፤ ገጹን የማይከተል ሰው ግን መልእክቱን ቶሎ ላያየው ይችላል። ቲክቶክ ለክትትል ደካማው ነው፤ እርስ በርስ ፎሎው ካልተደራረጉ ሰዎች ጋር መጻጻፍ ገደብ ስላለበት በስርጭቱ መካከል ወደ ቴሌግራም ቻናል እንዲገቡ መጋበዝ ያስፈልጋል።

የቱ ለማን?

ተከታይ የሌላት አዲስ ነጋዴ በቲክቶክ ትጀምር፤ ግቧ ግን በዚያ ቀን መሸጥ ሳይሆን ተመልካቹን ወደ ቻናሏ ማስገባት ይሁን። አባላት ያሉት ቻናል ያላት በቴሌግራም ትሽጥ፤ ቲክቶክን ለጥሪ ብቻ ትጠቀምበት። ደንበኞቿ በውጭ ያሉ ታላላቅ ሴቶች ከሆኑ ፌስቡክን አትተው እላለሁ፤ ቴሌግራም ግቡ ብሎ ማስጨነቅ ደንበኛ ያሳጣል። አሜሪካ ሆና የምትሸጥ ደግሞ የቲክቶክ ሱቅ በሚሠራበት አገር ገዢን ወደ ውጭ የሚልክ ይዘት ተደራሽነቱ ሊቀንስ እንደሚችል አስባ፣ እዚያ ያለው የእሷ ጥሪ ስለ ቀሚሱ ብቻ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በኢትዮጵያ ለወራት በተገደቡ ጊዜ ደንበኞቿን በመተግበሪያ ብቻ የያዘች ነጋዴ ለመድረስ ተቸግራለች። ስለዚህ የትኛውም ቢመረጥ፣ ቀብድ የከፈለ ደንበኛ ሁሉ ስምና ስልክ፣ የወሰደው ልክና የሚመርጠው ጥለት በራሷ ደብተር ላይ መስፈር አለበት።