«ጠርሙስ ተመልሶ ጠርሙስ ይሆናል» ወይስ «ባዶውን ለኛ»?

ለፕላስቲክ ጠርሙስ ሰብሳቢ ስታርታፓችን እነዚህን ሁለት ታግላይኖች ይዘን ስንከራከር ሰነበትን። የመጀመሪያው ጆሮ ላይ ደስ ይላል፣ ግን ቃል መግባት ነው፤ እኛ ጠርሙሱን ለቅመን ክዳኑን ለይተን አጥበን ፈጭተን ለፋብሪካ እንሸጣለን፣ ከዛ ገዢው ክር አድርጎ ልብስ ወይ ምንጣፍ ሊሰራበት ይችላል፣ ለመጠጥ መያዣ እንዲመለስ ደግሞ ሌላ ከበድ ያለ የማጽዳት ሂደት አለው፣ እሱ እኛ ጋ የለም። አንዱ ደንበኛ «እስቲ ተመልሶ ጠርሙስ የሆነውን አሳዩኝ» ቢለን ምን ልንለው ነው?

«ባዶውን ለኛ» ሁለት ቃል ነው፣ መሰብሰቢያው ከረጢት ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል፣ «ባዶውን» ማለቱ ራሱ ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አታምጡ ማለት ነው (በኪሎ ስለምንገዛ ውሃ መግዛት ሰልችቶናል)። ጉድለቱ ስለ ሪሳይክል ምንም አለማለቱ ነው፣ እሱን የድርጅቱ ሚሽን መግለጫ ይሸከም፦ «ያገለገሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ሰብስበን ለፋብሪካ ንጹህ ጥሬ ዕቃ እናደርጋለን»። ደረቅ ነገር ነው አውቃለሁ፣ ግን በየወሩ በኪሎ ይለካል። እኔ ድምጼን ለሁለተኛው ሰጥቻለሁ።